የ30 ዓመት መምህር ጡረታ ሲወጣ ለቀድሞ ተማሪዎቹ የሚለጥፈው ጽሑፍ፦ የስንብት ንግግር እንዳይመስል ምን ይደረግ?

ጠመኔ_በእጄ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ሂሳብ ሳስተምር ከ1988 ጀምሮ 30 ዓመት ሞልቶኛል፤ በያዝነው ሰኔ መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ። አንድ ፎቶ ከአጭር ጽሑፍ ጋር ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ አስቤያለሁ። ያው ጽሑፍ የቀድሞ ተማሪዎች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕም ይገባል። የምፈልገው ተማሪዎቼን ማመስገን ብቻ ነው። የሽኝት ንግግር እንዲሆን አልፈልግም፤ ከተማውን አልለቅም፣ ማንንም አልሰናበትም።

የጻፍኩት ይኸው ነው፦

«ውድ ተማሪዎቼ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ላለፉት 30 ዓመታት በመምህርነት ሙያ ሳገለግል ቆይቼ እነሆ ዛሬ በክብር ጡረታ ወጥቻለሁ። እንደ ሻማ ቀልጬ ያበራሁላችሁ ተማሪዎቼ ለትልቅ ደረጃ በመብቃታችሁ የተሰማኝን ደስታ እየገለጽኩ፣ ከጎኔ ለነበራችሁ ሁሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በሥራ አጋጣሚ ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደህና ሁኑልኝ። 1988 – 2018»

ሳነበው ራሱ ንግግር ይመስለኛል፤ የቱ ቦታ እንደሆነ ግን ለይቼ መያዝ አልቻልኩም። ፎቶው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተነሳሁት ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ነው።

ፈረቃ_ሁለት

መምህር፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ችግሩ ርዝመቱ ይመስለኛል። ማንም ሰው ስልክ ላይ ይህን ሁሉ አያነብም። «ከ30 ዓመት በኋላ ጡረታ ወጣሁ። ተማሪዎቼን አመሰግናለሁ።» ይበሉና ፌስቡክ ላይ ባለው ባለቀለም ሰሌዳ ላይ በትልቁ ይጻፉት። በቃ።

አራሚዋ

ፈረቃ ሁለት ስለ ርዝመቱ ግማሽ እውነት አለው። ጽሑፉ ቢያጥር ጥሩ ነው፤ ሁለት መስመር ሲሆን ግን ምስጋናው ይጠፋና ማስታወቂያ ብቻ ይቀራል። «ጡረታ ወጣሁ» ለሚል ማስታወቂያ ሰው የሚመልሰው «እንኳን ደስ አለዎት» ወይም «ረጅም ዕድሜ» ነው፤ ከዚያ ያልፋል። ደግሞ ባለቀለሙ ሰሌዳ ከፎቶ ጋር አይሄድም፤ ፎቶ ሲጨመር ቀለሙ ይጠፋል።

ወደ ጽሑፉ ልምጣ። መምህር፣ ንግግር የሚያስመስለው ርዝመቱ ሳይሆን የግሶቹ አሠራር ነው። «ሰላምታዬን አቀርባለሁ»፣ «ደስታ እየገለጽኩ»፣ «ምስጋናዬን አቀርባለሁ» የሚሉትን ይመልከቷቸው። በሦስቱም ቦታ ግሱ ስም ሆኖ ተቀምጧል፤ ሥራውን የሚሠራው «ማቅረብ» እና «መግለጽ» ነው። ይህ የመድረክ አማርኛ ነው፤ ማይክ የያዘ ሰው እንዲህ ይናገራል። አንድ ሰው መንገድ ላይ የቀድሞ ተማሪውን ቢያገኝ «ምስጋናዬን አቀርብልሃለሁ» አይለውም። «በቅድሚያ»፣ «እነሆ»፣ «ላለፉት»፣ «በሥራ አጋጣሚ» የሚባሉትም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። አንዱን ብቻ ቢተዉ እንኳ ሌሎቹን እየጎተተ ያመጣቸዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም ያውጧቸው።

ሁለተኛው ነገር ይቅርታው ነው። በኛ ልማድ «ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ» የሚባለው ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ፣ ወይም ታሞ አልጋ ላይ ሲውል ነው። ልብዎ ንጹሕ ሆኖ የጻፉት ቢሆንም አንባቢው ሲያየው ይደነግጣል። በእርግጥ ይቅርታ ሊጠይቁት የሚፈልጉት ተማሪ ካለ፣ ለእሱ ለብቻው ይጻፉለት ወይም ይደውሉለት።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ቀስ ብዬ ልናገረው። ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ፣ ከሥሩ «1988 – 2018» የሚል በሰረዝ የተያያዘ ዓመት፣ ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ «ሻማ» እና «ደህና ሁኑልኝ»። ፌስቡክ ላይ ይህ አቀማመጥ የሐዘን መግለጫ ነው። ሰው ጽሑፉን ከማንበቡ በፊት ፎቶውንና ዓመቱን ያያል፤ አንድ ሰው ሳያነብ «ነፍስ ይማር» ብሎ ከጻፈ ቀጥሎ የሚመጣው ያንን አይቶ ይደግመዋል፤ ከውጭ አገር ያሉ ተማሪዎች ለቤተሰብ መደወል ይጀምራሉ። ከሦስቱ አንዱን እንኳ አይተዉት፤ ፎቶውም ሰረዙም ሻማውም ይውጡ። ዓመቱን መጻፍ ካስፈለገ «ከ1988 ጀምሮ» ይበሉ። «ጀምሮ» የሚለው ቃል በሩን ክፍት ይተወዋል።

የዘንባባ_ጥላ

መምህር፣ በሽኝት ፕሮግራሙ ላይ ንግግር ሲያደርጉ ቅደም ተከተሉን እንዳይስቱ። መጀመሪያ የክብር እንግዶች፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ወላጆች፣ ከዚያ ተማሪዎች። ከ7 ደቂቃ አይብለጥ። የሚሰጥዎትን የምስክር ወረቀትም ፎቶ አንስተው ቢለጥፉት ያምራል።

ጠመኔ_በእጄ

የዘንባባ ጥላ፣ አመሰግናለሁ። ይህ ለፕሮግራሙ ሳይሆን ለብቻው ፌስቡክ ላይ የሚወጣ ነው። ንግግሩን ለመድረኩ እተወዋለሁ።

አራሚዋ፣ ዓመቱን በሰረዝ ማያያዝ ያን እንደሚመስል ጭራሽ አልታየኝም ነበር። ፎቶውን ተውኩት።

አራሚዋ

የዘንባባ ጥላ ያሉት ቅደም ተከተል ለመድረክ ልክ ነው። የምስክር ወረቀቱን ፎቶ ግን ለሕዝብ ባይለጥፉት ይሻላል፤ ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ አንዳንዴም መለያ ቁጥር ይኖርበታል።

መምህር፣ አሁን የሚያስፈልገኝ ጥሬ ዕቃ ነው። ምስጋና «ስላደረጋችሁልኝ ሁሉ» ሲል ባዶ ነው። ተማሪዎቹ በእርግጥ ምን አደረጉልዎት? በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ነገር ይንገሩኝ። «አከበሩኝ» አይበሉኝ፤ ምን ሲያደርጉ? አምስት ስድስት ነገር ይጻፉልኝ፤ አሳምረው አይጻፉት።

ደንገል

እኔ ደግሞ የባሕር ዳር ነገር ቢገባበት ደስ ይለኛል። ለምሳሌ «እኔ ታንኳ ነበርኩ፤ እናንተን ከዳር ወደ ዳር አሻግሬ እነሆ ወደቡ ላይ ቆሜያለሁ» ቢባልስ? ፎቶውም ጀምበር ስትጠልቅ፣ መምህሩ ፊታቸውን ወደ ጣና አዙረው፣ ጀርባቸው ብቻ የሚታይ።

ማይነስ_በማይነስ

ደንገል፣ ስምህን ከደንገል ወስደህ ታንኳውን ረሳኸው። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ከተሠራበት በኋላ ዳር አውጥተው ካላደረቁት ይከብዳል፤ እያደረቁትም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው፤ ያረጀው ይጣልና ሌላ ይታሰራል። 30 ዓመት ያስተማረን ሰው ታንኳ ነህ ማለት ነገሩን ለሚያውቅ የዜጌ ወይም የደብረ ማርያም ልጅ አይዋጥለትም። ከዚያም በላይ «አሻጋሪ ነበርኩ» ሲባል የሚመሰገነው መምህሩ ራሱ ይሆናል። ሻማውም እንዲሁ ነው፤ «ቀልጬ አበራሁላችሁ» ማለት «ባለውለታችሁ ነኝ» ማለት ነው። መምህር ማመስገን ነው የፈለጉት። ምስሉ ተማሪዎቹ የሠሩትን ማሳየት አለበት።

ጀርባ ሰጥቶ የሚጠልቅ ፀሐይ ማየትም ያው መሰናበት ነው። ጣና ዳር ፎቶ ካስፈለገ በጠዋት ይሁን፣ ፊት ለካሜራ ይሁን። የሰኔ ደመና ደግሞ ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ፊት ላይ ጥላ አይጥልም።

ጠመኔ_በእጄ

አራሚዋ ያለችኝን ልሞክር። ሳላሳምር፦

ሰሌዳ ላይ ስሠራ ምልክት ሲያመልጠኝ ከኋላ «ቲቸር፣ ምልክቱ!» ይላሉ። በአብዛኛው ማይነስ ነው።

ከ1997 ጀምሮ በፕላዝማ ስናስተምር መብራት ሲጠፋ ቀሪውን ክፍለ ጊዜ በጠመኔ እንሠራው ነበር። ጠመኔ ክፍል ውስጥ ከሌለ ከጎረቤት ክፍል ሮጠው ያመጣሉ።

ያልገባው ልጅ «አልገባኝም» ሲል ሌሎቹም እንዳልገባቸው ያን ጊዜ አውቃለሁ።

የጠዋት ፈረቃ ሲያልቅ ሰሌዳውን ሳይነገራቸው የሚያጠፉ ነበሩ።

አሁን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር የሆኑ አሉ። በግምት 9,000 ተማሪ አስተምሬያለሁ።

ማይነስ_በማይነስ

9,000 እንዴት መጣ? በዓመት 5 ሴክሽን፣ በአንድ ሴክሽን 60 ተማሪ፣ 300 ይሆናል፤ በ30 ሲባዛ 9,000። ግን መምህር፣ 9ኛን ያስተማሯቸውን 10ኛም ተከትለው ካስተማሯቸው አንዱ ልጅ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ሁሌ እንዲህ ከሆነ ወደ 4,500 ይወርዳል፤ እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው። የሂሳብ መምህር ጽሑፍ ላይ ይህን ቁጥር ያየ የድሮ ተማሪ ወዲያው ያሰላዋል። ባይኖር ይሻላል። ቁጥር ሲገባ ጽሑፉ ወደ ዓመታዊ ሪፖርትም ይሄዳል።

ፎቶውን በተመለከተ ግን ከነገሩን ውስጥ «ቲቸር፣ ምልክቱ!» የሚለው ራሱ ፎቶ ነው። ሰሌዳ ላይ ይቺን ይጻፉ፦

```
3 − (x − 2) = 7
3 − x − 2 = 7
```

ሁለተኛው መስመር ተሳስቷል። ቅንፉ ሲከፈት ማይነሱ ሁለቱንም ስለሚነካ −2 የነበረው +2 መሆን አለበት። የተሳሳተው መስመር x = −6 ይሰጣል፤ መልሰን ብንተካው 3 − (−8) = 11 ይሆናል እንጂ 7 አይመጣም። ትክክለኛው 3 − x + 2 = 7 ነው፤ x = −2። በሂሳብ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት የተደጋገመ ስሕተት ነው። ያ ሰሌዳ ያለበት ፎቶ ሲለጠፍ ተማሪዎቹ ሳይነገራቸው ከሥር ያርሙታል። ምስጋናው በተግባር ሆነ ማለት ነው።

ፈረቃ_ሁለት

ይህ ጥሩ ነው፤ ግን አደጋ አለው። ፎቶ ከጽሑፉ ተለይቶ ይዞራል። አንድ ሰው ሰሌዳውን ብቻ ቆርጦ «30 ዓመት ያስተማረ መምህር ቅንፍ መክፈት አይችልም» ብሎ ሌላ ገጽ ላይ ቢያወጣው ማን ይመልሰዋል?

ማይነስ_በማይነስ

ልክ ነህ፤ ያን አላሰብኩትም። እንግዲያው ስሕተቱ እና እርማቱ በአንድ ፎቶ ይሁኑ። በነጭ ጠመኔ የተሳሳተውን ጽፈው፣ ማይነሷን በቀይ ጠመኔ ከብበው ከላይዋ + ያድርጉባት። ቀዩ ከሩቅም ይታያል፤ ተቆርጦም ቢሄድ እርማቱ አብሮ ይሄዳል። ከሥር እንዲታረም የተተወው ነገር ግን ይቀርብናል፤ ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም።

ሰሌዳው እርጥብ ጨርቅ ከተነካ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ እርጥብ ሰሌዳ ላይ ቀይ ጠመኔ በደንብ አይታይም። ፎቶ አንሺው ፊት ለፊት በፍላሽ አያንሳ፤ የሰሌዳው ቀለም ያንጸባርቅና ጽሑፉ ይጠፋል። የመስኮት ብርሃን ከጎን እንዲመጣ ያድርግ።

ጠመኔ_በእጄ

በቀዩ ተስማምቻለሁ። እንደገና ጻፍኩት፦

«ቲቸር፣ ምልክቱ! ይህን ቃል ለ30 ዓመታት ስሰማ ኖሬያለሁ። ሰሌዳ ላይ ማይነስ በጣልኩ ቁጥር ያረማችሁኝ እናንተ ነበራችሁ። ፕላዝማው ሲጠፋ ጠመኔ ያመጣችሁልኝ እናንተ ነበራችሁ። አልገባኝም ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ ነበራችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሁሌም በልቤ ውስጥ ትኖራላችሁ። ያስታወሳችሁኝ ሁሉ ጻፉልኝ።»

አራሚዋ

መምህር፣ ሥጋው ተገኝቷል። አሁን አምስት ነገር አያለሁ፤ ሁሉም ትንንሽ ናቸው።

አንደኛ፣ «እናንተ ነበራችሁ» ሦስት ጊዜ ሲደጋገም የመድረክ ምት ይሆናል፤ ሰው ጭብጨባ የሚጠብቅበት አነባበብ ነው። «ነበር» ደግሞ ነገሩን ይዘጋዋል። «ናችሁ» ይበሉት፤ አንዴ ብቻ። ሦስት ምሳሌም አያስፈልግም። «አልገባኝም» ያለው ልጅ ራሱን የቻለ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ በሌላ ቀን ይጻፉት። የተደረደረ ምሳሌ ዝርዝር ይሆናል፤ ሁለቱ ይበቃሉ።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው መስመር ለብቻው ይቁም። ስልክ ላይ ፌስቡክ ጽሑፉን ከጥቂት መስመር በኋላ ቆርጦ «See more» ይላል፤ የት ላይ እንደሚቆርጥ ከስልክ ስልክ ይለያያል። ስለዚህ «ቲቸር፣ ምልክቱ!» የሚለውን በትእምርተ ጥቅስ አድርገው ከሥሩ መስመር ይዝለሉ። ያን የሰማ ተማሪ ቀሪውን ከፍቶ ያነባል። ጡረታው መሐል ላይ መሆኑ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ከመጣ ተመልሶ ማስታወቂያ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» መልካም ነው፤ የባሕር ዳር ክፍል ውስጥ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ዴስክ ነው የተቀመጠው። «ክበሩልኝ» ቢሉ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ከታላቅ ለታናሽ ሲባልም ያምርበታል፤ ምስጋናም ምርቃትም በአንድ ቃል ነው። ወንድ ሴት መለየትም አይጠይቅም።

አራተኛ፣ «ሁሌም በልቤ ውስጥ ትኖራላችሁ» የመሰናበቻ ቃል ነው። ሊሰናበቱ ካልሆነ በልብ ውስጥ መኖር አያስፈልግም፤ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ያንኑ ይጻፉት።

አምስተኛው መጨረሻው ነው። «ያስታወሳችሁኝ ጻፉልኝ» ሲሉ የሚመጣው «ቲቸር ያስታውሱኛል?» የሚል መቶ ጥያቄ ነው። የፌስቡክ ስማቸው ሌላ፣ ፊታቸው ተለውጧል። በ1988 9ኛ ክፍል 15 ዓመቱ የነበረ ልጅ አሁን 45 ነው። ለአንዱ «አዎ» ለሌላው ዝም ካሉ ዝም የተባለው ይቀየማል። ስለዚህ ከስማቸው ጋር ዓመቱንና ሴክሽኑን እንዲጽፉ ይጠይቁ። «10ኛ ቢ፣ 1996» ካለዎት ክፍሉን፣ ፈረቃውን፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደነበር ጭምር ያገኙታል።

የማንንም ስም ግን እርስዎ አይጥሩ። አሥር ስም ቢጠሩ ያልተጠራው ይቆጥራል። «ሐኪም፣ መሐንዲስ የሆናችሁ» የሚለውንም በመተውዎ ደስ ብሎኛል፤ ገበያ ውስጥ የምትነግደው፣ ባጃጅ የሚነዳው ያንን ሲያነብ ምስጋናው ለእሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ማይነሷን ያረመው እሱ ሊሆን ይችላል እኮ።

የቦርዱ_ጥግ

ይቅርታ፣ የኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። እናቴ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ነው ያስተማረችው፤ እሷም ዘንድሮ ትወጣለች። ጽሑፉን እኔ ነኝ የማዘጋጅላት። ተማሪዎቿ ያኔ 7 እና 8 ዓመታቸው ስለነበር ያረሟት ነገር የለም። ምን ልበል?

አራሚዋ

የቦርዱ ጥግ፣ የትንሽ ልጅ ትዝታ የሂሳብ ምልክት አይሆንም፤ እጅ ነው፣ ድምፅ ነው። ፊደል ሲቆጥሩ በየትኛው ፊደል ላይ ዜማው ይሰበር እንደነበር፣ እርሳስ ማን ይቀርጽ እንደነበር እናትሽን ጠይቂያት። አንቺ ገምተሽ አትሙይው፤ እሷ ካልነገረችሽ አንባቢው ያውቀዋል። ደግሞ ፌስቡኩ የሷ ከሆነ «እኔ» ብላ በራሷ አንደበት ትጻፍ፤ ባንቺ ገጽ ከሆነ «እናቴ» በይ። ሁለቱን መቀላቀል ነው ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው፤ «እናታችን መምህርት ላለፉት...» ይጀምርና ተመልሶ ንግግር ይሆናል።

ማይነስ_በማይነስ

ስለ ፕላዝማው አንድ ነገር። ከ1997 በፊት የተማሩት ፕላዝማ አያውቁም፤ ለእነሱ ያ መስመር ባዕድ ነው። «ቲቸር፣ ምልክቱ» ግን ለሁሉም ባች ይሠራል። ስለዚህ ፕላዝማው ሁለተኛ ሆኖ መምጣቱ ልክ ነው፤ መጀመሪያ ቢሆን የ1988 እስከ 1996 ልጆች ከመነሻው ይቀሩ ነበር። የፕላዝማ ጊዜ ተማሪዎችም በበኩላቸው ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ሲያልፍባቸው መምህሩ በቀረችው ጥቂት ደቂቃ ነበር የሚይዟቸው፤ መብራት የጠፋበት ቀን ለእነሱ ትልቅ ቀን ነው።

ጠመኔ_በእጄ

ሁላችሁም ክበሩልኝ። ይኸው፦

«ቲቸር፣ ምልክቱ!»

ሰሌዳው ላይ ማይነስ በጣልኩ ቁጥር ከኔ ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ከ1988 ጀምሮ ስታርሙኝ ኖራችኋል፤ ክበሩልኝ ልጆቼ።

መብራት ጠፍቶ ፕላዝማው ሲዘጋ ከጎረቤት ክፍል ጠመኔ ይዛችሁ ለሮጣችሁም እንዲሁ።

በዚህ ሰኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤቴ እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ ጠዋት ጠዋት በጣና ዳር መንገድ ላይ ታገኙኛላችሁ።

ስትጽፉልኝ ከስማችሁ ጋር ዓመቱንና ሴክሽናችሁን ጨምሩልኝ፤ ሁላችሁንም አስታውሳለሁ።

አራሚዋ

መጨረሻዋን ሐረግ ብቻ ይለውጧት። «ሁላችሁንም አስታውሳለሁ» ብለው ቃል ከገቡ በኋላ አንዱን ባያስታውሱት ቃሉ ፈረሰ። «የተቀመጣችሁበትን ዴስክ እንድፈልግበት» ቢሉ ግን እውነት ነው፤ መፈለግ ይችላሉና። ዴስክ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አይሰናበትም።

ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ጋር የሚሄድ ጽሑፍ ለተራ ተጠቃሚ እስከ 1024 ፊደል ነው የሚፈቅደው፤ ይህ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል፣ ሳይቆረጥ ይገባል። ከመለጠፍዎ በፊት «ዓመት» በሁሉም ቦታ በዐይኑ «ዓ» መሆኑን ይዩት። አራት ነጥቡንም በሁለት ኮለን ሳይሆን በራሱ «።» ይጻፉት።

ፈረቃ_ሁለት

«ልጆቼ» ላይ ጥያቄ አለኝ። 45 ዓመቱ የሆነ፣ ምናልባት ራሱ ልጆቹን እዚያው ት/ቤት ያስገባ ሰው «ልጆቼ» ሲባል ደስ ይለዋል? «ተማሪዎቼ» አይሻልም?

አራሚዋ

እኔ «ልጆቼ» ይቅር አልልም። «ተማሪዎቼ» የሥራ ቃል ነው፤ ሥራው ሲያበቃ አብሮ የሚያበቃ ይመስላል። «ልጆቼ» ዕድሜ አይቆጥርም።

ማይነስ_በማይነስ

እኔ ከፈረቃ ሁለት ጋር ነኝ። ያረሙኝ ብሎ እያመሰገነ «ልጆቼ» ካለ እኩልነቱ ይቀንሳል። እንዲያውም ምንም ሳይጨምሩ «ክበሩልኝ» ብቻ ቢባል ይበቃል።

ደንገል

ጣና ዳር መንገድ የሚለው ገብቶልኛል፤ በዚያው ይቅር። ስለ ታንኳው ማይነስ በማይነስ ልክ ነው፤ ትቼዋለሁ። መምህር፣ ሰዓቱን ግን አይጻፉት፤ ሰው ሁሉ አንድ ጠዋት ተሰብስቦ ቢመጣ መንገዱ አይበቃም።

ጠመኔ_በእጄ

ሰዓት አልጽፍም። የዴስኩን ሐረግ አስገብቻለሁ። ቀይ ጠመኔ ከመምህራን ማረፊያ ተገኝቷል፤ ሰሌዳውን ነገ ከጠዋቱ ፈረቃ በኋላ አደርቀዋለሁ። «ልጆቼ» የሚለውን በፌስቡኩ ላይ አቆየዋለሁ፤ በቴሌግራሙ ግሩፕ ላይ ግን አብዛኞቹ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ባቾች ስለሆኑ አወጣዋለሁ። የቱ እንደሚሻል ከሥር የሚጽፉትን አይቼ እነግራችኋለሁ።

የቦርዱ_ጥግ

እናቴን ጠየቅኳት። ዜማው ሁሌ «ኸ» ላይ ይሰበር ነበር አለችኝ፤ አንዳንዱ ልጅ «ከ» ብሎ ያልፋታል፣ አንዳንዱ ቆሞ ያያታል። አራሚዋ፣ ከዚህ ልጀምር?

አራሚዋ

ከዚያው ጀምሪ። «ኸ»ን ለብቻዋ የመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጊያት።